ወደ እንጀራው ቪዲዮ በየትኛው በር ገቡ?

ከእናቴ ጋር ሆነን ስለ ጤፍ እንጀራ አጋገር የሠራነው የ14 ደቂቃ ቪዲዮ በወጣ በ28ኛው ቀን 2,400 ጊዜ ታይቶ ነበር። ለእኛ ትንሽ የምግብ ቻናል ይህ ከለመድነው እጅግ የበለጠ ቁጥር ነው። ደስታዬ ግን አማካይ የመታያ ጊዜውን ሳይ ቀዘቀዘ፤ 2 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ይላል። እናቴ የመጀመሪያዋን እንጀራ ከምጣዱ የምታወጣው 9ኛው ደቂቃ ላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንደወረደ ለተቀበለ ሰው አብዛኛው ተመልካች እንጀራ ሳያይ ሄዷል ማለት ነው። እኔም እንደወረደ ተቀበልኩትና የሚቀጥለውን ቪዲዮ ከሊጡ እስከ መሶቡ በ3 ደቂቃ ልጨርሰው ወሰንኩ።

ውሳኔዬን ያስቀየረኝ ያ አንድ አማካይ ከምን ከምን እንደተሠራ ማየቴ ነው። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ቪዲዮውን ከፍቼ Analytics ውስጥ ገባሁ፤ ከዚያ Advanced mode የሚለውን ነክቼ Traffic source የሚለውን መረጥኩ። እዚያ ላይ እይታዎቹ በመጡበት መንገድ ተከፋፍለው ተደርድረዋል። ከዩቲዩብ ፍለጋ 410፣ ዩቲዩብ ከሌሎች ቪዲዮዎች አጠገብ ወይም ቀጥሎ ከጠቆመው 260፣ ከዩቲዩብ ውጭ ካሉ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ደግሞ 1,350። የቀሩት 380 ከዩቲዩብ መነሻ ገጽ፣ ከቻናላችን ገጽ፣ ከማሳወቂያና ከመሳሰሉት የመጡ ነበሩ። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ መንገድ የራሱ አማካይ የመታያ ጊዜ አለው። ከውጭ የመጣው በአማካይ 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ ከፍለጋ የመጣው 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ በጥቆማ የመጣው 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ቆይቷል። ያ ያስደነገጠኝ 2 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የማንም ተመልካች ጊዜ አልነበረም፤ ከውጭ በብዛት የገቡት ሰዎች የሌሎቹን ጊዜ ወደ ታች ስበውት የተገኘ ነው።

ወረቀት አውጥቼ እይታውን በቆይታው ሳባዛው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። 1,350ው የውጭ እይታ በድምሩ 24 ሰዓት ተኩል ያህል ሰጥቶናል። 260ው የጥቆማ እይታ ብቻውን 27 ሰዓት ከግማሽ ያህል ሰጥቷል፤ ፍለጋው ደግሞ 26 ሰዓት። በእይታ ቁጥር ሲታዩ አምስት እጥፍ የሚበላለጡት መንገዶች በመታያ ሰዓት ሲመዘኑ እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እይታን ብቻ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አልመለከትም፤ አማካይ ቆይታና ጠቅላላ የመታያ ሰዓት የሚሉት ዓምዶች አብረው ካልተከፈቱ ስለ ተመልካች ምንም አልወስንም።

ከመቀጠሌ በፊት ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝን አንድ ነገር ላንሳ። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ሰውን አይደለም፣ ያች አንዲት እይታ የገባችበትን በር ነው። የቻናላችን የቆየች ተከታይ የሆነች አንዲት ሴት ዛሬ በቴሌግራም የደረሳትን ሊንክ ከነካች በውጭ ትቆጠራለች፤ ነገ ሊጥ አቡክታ ግራ ሲገባት ዩቲዩብ ላይ ብትፈልግና ያንኑ ቪዲዮ ብትከፍት በፍለጋ ትቆጠራለች። ስለዚህ «የፍለጋ ተመልካቾች» ስል የተለየ ሕዝብ ማለቴ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት አንድ የተለየ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ማለቴ ነው። ቪዲዮ የማቅደውም ለዚያ ጉዳይ ነው።

የውጭውን በር መጀመሪያ ልጨርሰው። External የሚለውን መስመር ስነካው ዝርዝሩ ተከፈተ፤ ቴሌግራም 700፣ ፌስቡክ 480፣ Google Search 90፣ የቀረው ጥቃቅን ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ያ 90 ነው። ጉግል ላይ ጠይቆ ወደ ቪዲዮው የመጣ ሰው ከዩቲዩብ ውጭ ስለመጣ ብቻ እዚህ ተመዘገበ እንጂ ጉዳዩ የፈላጊ ጉዳይ ነው፤ ቴሌግራም ላይ የአጎቱ ልጅ ከላከለት ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔ ለራሴ ስቆጥር ያንን መስመር አውጥቼ ከፍለጋው ጋር እደምረዋለሁ። ሁለተኛው ወጥመድ ሪፖርቱ «ቴሌግራም» ብሎ በአንድ ማጠቃለሉ ነው። የትኛው ግሩፕ፣ የትኛው ቻናል እንደሆነ አይናገርም። ያንን የለየሁት በትዕግሥት ነው፤ ሊንኩን በአንድ ቀን ለሁሉም ከመበተን ይልቅ በተለያዩ ቀናት ለተለያዩ ግሩፖች ልኬ የእያንዳንዱን ቀን ከፍታ በመስመር ግራፉ ላይ አየሁ። ከመተግበሪያ የተነካ ሊንክ አንዳንዴ ምንጩ ሳይታወቅ Direct or unknown ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያው ቀን ያ መስመርም አብሮ ከፍ ማለቱን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ዩቲዩብ የሽፋን ምስላችን ስንት ጊዜ ለሰው እንደታየና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተነካ የሚነግረን በራሱ ግቢ ውስጥ ስለታየው ብቻ ነው። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የታየውን አይቆጥርም። በመሆኑም ከውጭ ለመጣው እይታ የመነካት መቶኛ የሚባል ነገር የለውም፤ በቪዲዮው አናት ላይ የተጻፈው መቶኛ ስለ ፍለጋ፣ ስለ ጥቆማና ስለ መነሻ ገጽ ነው የሚናገረው። የውጭ እይታ ስለበዛ «የሽፋን ምስሌ ሠርቷል» ማለት ስህተት መሆኑን የተረዳሁት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ለመሆኑ እነዚያ 1,180 የቴሌግራምና የፌስቡክ እይታዎች ለምን በአንድ ደቂቃ ተመለሱ? ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ናት ያስረዳችኝ። «እኔ እኮ ለግሩፑ 'እማዬን እዩአት' ብዬ ነው የላክሁት» አለችኝ። ሰዎቹ የከፈቱት እናታችንን ለማየት ነበር፤ አዩአት፣ ደስ አላቸው፣ የልብ ምልክት ልከው ወጡ። ላኪው ከሊንኩ በላይ የጻፈው አንድ መስመር ለቪዲዮው ርዕስ ሆኖ ያገለግላል፤ ተመልካቹም ያ መስመር የገባለትን ቃል ሲያገኝ ይሄዳል። ቪዲዮው ምንም አላጠፋም፣ ግን ለእነሱ የተሠራ አልነበረም።

ለእነሱ የሚሆነውን የጠቆመችኝም እህቴ ናት። በግሩፑ ውስጥ በየክረምቱ የሚመላለስ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ በሦስተኛው ቀን እንኳ አይቦካም። እናቴ ስለ እርሾው መጠንና ሊጡን ሞቅ ያለ ቦታ ስለ ማስቀመጥ ብቻ የምትናገርበት የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ሠራን። ይህ ቪዲዮ ከሌሎቹ ምንም ሳይታይ ብቻውን የሚቆም ነው፤ ሰላምታ የለውም፣ «ባለፈው እንዳየነው» የሚል ነገር የለውም፣ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚታየው ያልቦካ ሊጥ ነው። እህቴም ስትልከው «ያ የሊጡ ጥያቄ መልስ እነሆ» ብላ ጻፈች። ከቴሌግራም የመጣው እይታ ከበፊቱ በግማሽ ያነሰ ሆነ፣ አማካይ ቆይታው ግን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ደረሰ። የጻፈችው መስመርና ቪዲዮው አንድ ነገር ስለተናገሩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፍለጋው ልምጣ፤ በእኔ ግምት አማርኛ ለሚናገር ቻናል ከሁሉም በላይ ሊነበብ የሚገባው ይህ መስመር ነው። YouTube search የሚለውን ስነካው ሰዎች የጻፏቸው ቃላት ወጡ። የቪዲዮው ርዕስ «የእናቴ የእጅ ሙያ» ነበር። እንዲህ ብሎ የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ሰው የጻፈው «እንጀራ አጋገር»፣ «የእንጀራ አሰራር»፣ «የእንጀራ አሠራር»፣ «እንጀራ አይን እንዲያወጣ»፣ «አብሲት አጣጣል» የሚል ነው፤ በላቲን ፊደል ደግሞ injera agager እና enjera aserar የሚሉ ነበሩ። ወደ እኛ የደረሱት በመግለጫው ውስጥ እናቴ የምትሠራውን በተራ ቃል ስለጻፍኩት ነው፤ ርዕሱ ምንም አልረዳቸውም።

ዝርዝሩን ስደምረው 410 አልሞላም። ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸው ቃላት በዝርዝሩ ላይ አይወጡም፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር አለ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ዝርዝሩም ሁሉንም ፈላጊ ያሳያል ብሎ ማመን አይገባም። በአንጻሩ የሚታየው ክፍል ስለ ፊደላችን ብዙ ይነግራል። «አይን» እና «ዓይን»፣ «አሰራር» እና «አሠራር» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፣ በዝርዝሩ ላይ ግን ለየብቻ ነው የሚቆሙት። ጾምን በጸ የሚጽፍና በፀ የሚጽፍ ሰው እንዲሁ ነው። እኔ አሁን በርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የጻፈውን አጻጻፍ እወስዳለሁ፣ ሌላውን አጻጻፍና የላቲኑን ደግሞ በመግለጫው ውስጥ በሙሉ ዐረፍተ ነገር አስገባዋለሁ። ታግ የሚባለው ቦታ ብዙ ጥቅም እንደሌለው ዩቲዩብ ራሱ ይናገራል፤ የሚጠቅመው ሰዎች በብዛት በተለያየ መንገድ የሚጽፉት ቃል ሲኖር ነው። የእኛ ቋንቋ ግን በትክክል እንዲህ ያለ ስለሆነ ቦታውን ለዚሁ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ቃላቱን ሳነብ ቆይታው ለምን 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ እንደሆነም ገባኝ። በቪዲዮው ውስጥ እናቴ አብሲት የምትጥለው 6ኛው ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ነው። ተመልካች በየትኛው ደቂቃ እንደቀረ የሚያሳየው ኩርባ ከመጀመሪያው እየወረደ ይሄድና ልክ እዚያ ላይ እንደ ኮረብታ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ደቂቃ ይልቅ እዚያ ያለው ሰው ይበዛል። ይህ የሚሆነው ሰዎች ወደፊት አሳልፈው እዚያ ሲያርፉ ወይም ተመልሰው ሲያዩት ነው። ኩርባው ከፈላጊ ብቻ የተሠራ ስላልሆነ በራሱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከፍለጋ ቃላቱና በአስተያየት መስጫው ከተጻፉት ጥያቄዎች ጋር ሲገጥም ግን ታሪኩ አንድ ነበር። የፈላጊ አጭር ቆይታ ሁልጊዜ ቅሬታ አይደለም፤ የሚፈልገውን ይዞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ኩርባው ምንም ኮረብታ ሳይኖረው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ቁልቁል ከወረደ ግን መልሱን አላገኘም ወይም ርዕሱ አታሎታል።

ስለዚህ «አብሲት አጣጣል፦ እንጀራ አይን እንዲያወጣ» የሚል የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ለብቻው ሠራን። ሲጀምር ሁለት እንጀራ ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ አይኑ ጥርቅም ያለ፣ ሌላው ሙሉ አይን ያወጣ። እናቴ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በ20 ሰከንድ ትናገራለች፤ ከቦካው ሊጥ ላይ ተቀንሶ በፈላ ውሃ የሚበስለው አብሲት ወደ ሊጡ ሲመለስ እንደገና ኩፍ እንዲል ካልተጠበቀ እንጀራው አይን አያወጣም። ከዚያ በኋላ ነው አሠራሩ የሚጀምረው። በመግለጫው ውስጥ ፈላጊው በቀጥታ የሚፈልግበት እንዲያርፍ ሰዓቶችን ጻፍኩ፤ ዩቲዩብ ቪዲዮውን በክፍል እንዲከፋፍለው ዝርዝሩ ከ0:00 መጀመርና ቢያንስ ሦስት መስመር መያዝ አለበት፣ እያንዳንዱ ክፍልም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም።

```
0:00 አይን ያላወጣውና ያወጣው እንጀራ
0:35 ሊጡ ለአብሲት መድረሱን ማወቅ
1:50 አብሲት መጣል
3:40 ሊጡ ኩፍ ሲል
```

ይህ ቪዲዮ በመጀመሪያው ሳምንት 60 ጊዜ ያህል ብቻ ታየ፤ እናቴም «ለዚህ ነው ያን ያህል የደከምነው?» አለችኝ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ግን በቀን ከ20 እስከ 30 እይታ ያለማቋረጥ ይመጣለት ጀመር፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ከፍለጋ ነበር። ይህን ለማየት የግዴታ የጊዜውን ክልል መቀየር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት ብቻ ያየ ሰው የውጭውን በር ያደንቃል፤ የ14 ደቂቃው ቪዲዮ በሦስተኛ ወሩ ብቻውን ሲታይ ግን ከውጭ 40፣ ከፍለጋ 520 እይታ አምጥቷል። ለፍለጋ የተሠራ ቪዲዮ በሁለተኛ ሳምንቱ ሊመዘን አይገባም፤ ለግሩፕ የተሠራ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ይታወቃል። የወቅት ነገርም አለ። የጾም ምግብ ፍለጋ የሚበዛው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ቪዲዮው ከቅበላው ሳምንት በፊት ካልወጣ ፈላጊው ከሌላ ሰው ዘንድ ይጾማል።

የቀረው የጥቆማው በር ነው፤ ስለ እሱ የምናገረው ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ዩቲዩብን «ጠቁምልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ማድረግ የሚቻለው የትኛው ቪዲዮ ወደ እኛ እንደላከ ማንበብ ነው። Suggested videos የሚለውን ስከፍተው ከ260ው ውስጥ 150 የሚሆነው ከራሳችን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ተነስቶ የመጣ ነበር። ከሌሎች ሰዎች የእንጀራ ቪዲዮዎች የመጣው 60 ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሌሎችን የእንጀራ ርዕሶች ስመለከትና ለመጠጋት ስሞክር ነበር። ወጡን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው የሚበላበትን እንጀራ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት እንጀራ ያየ ሰው ግን ሦስተኛ እንጀራ ለማየት የሚቸኩልበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቪዲዮ መግለጫ ውስጥ ያስቀመጥነው ሊንክ የሚያመጣው እይታ በዚሁ በጥቆማ መስመር ውስጥ ይደመራል፣ በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ብቅ የሚለው የራሳችን ሳጥን የሚያመጣው ግን End screens በሚል ለብቻው ይቆጠራል። በዶሮ ወጡ መግለጫ ውስጥ የእንጀራውን ሊንክ አስቀምጬ ስለነበር፣ ከ150ው ውስጥ የትኛው በዩቲዩብ ጥቆማ፣ የትኛው በእኔ ሊንክ እንደመጣ መለየት አልቻልኩም። ሊንኩን ለአንድ ወር አነሳሁት፤ ቁጥሩ ትንሽ ብቻ ስለቀነሰ አብዛኛው በእርግጥም ጥቆማ እንደነበር አመንኩ።

ለዚህ በር ያቀድነው ቪዲዮ ከሁለቱ የተለየ ነው። የሚጀምረው የዶሮ ወጡ ቪዲዮ ያበቃበት ቦታ ላይ ነው፤ ድስቱ ገና ምድጃው ላይ ነው፣ እናቴም ያንኑ ነጠላ እንደለበሰች ወደ ምጣዱ ትዞራለች። ምን እንደምንሠራ አናስረዳም፣ ተመልካቹ ከእኛ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ቆይቷልና። የሽፋን ምስሉም በዚያው ድስት ላይ የተነሳ ስለሆነ፣ ከጎን ወይም ከታች ሲታይ የዚያው ቤት ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ርዝመቱ 18 ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ በ3 ደቂቃ ልጨርሰው ያሰብኩት ያው ሥራ ማለት ነው። በጥቆማ የገባው ተመልካች በአማካይ 8 ደቂቃ ቆይቶበታል። ይህንኑ ቪዲዮ እህቴ ለግሩፑ ልካው ስለነበር ከቴሌግራም የመጣው እንደ ልማዱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አላለፈም፤ አሁን ግን ያንን መስመር ሳየው አልደነግጥም፣ የቪዲዮውን ጠቅላላ አማካይ ይዤም ወደ እናቴ አልሄድም።

ባለፈው ሳምንት የፍለጋ ቃላቱን ዳግም ስከፍት ከታች አካባቢ «እንጀራ ሻገተብኝ» የሚል አየሁ፤ 11 እይታ ብቻ አለው። ከ11 እይታ አማካይ ቆይታ ማንበብ አይቻልም፣ ስለዚህ አላነበብኩትም። ሆኖም የእኛ ቪዲዮዎች ውስጥ ስለ ሻጋታ አንድም ቃል የለም፤ ሰዎቹ የማይመልስላቸው ቪዲዮ ላይ ነው ያረፉት። እናቴ ሦስት እንጀራ ለይታ አንዱን በመሶብ፣ አንዱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለች። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ጠዋትና ማታ እየገለጥን እየቀረጽናቸው ነው።